ከታች ወደ ላይ የወየበ በቆሎ

መልእክቱ የተላከው ሐምሌ 26 ቀን ማታ ነው። ላኪው በምዕራብ ጎጃም ሁለት ጥማድ በቆሎ የዘሩ አባወራ ናቸው፤ የጻፈችላቸው ሴት ልጃቸው ናት፤ ተቀባዩ የወረዳው የሰብል ባለሙያ ነው። ሁለቱም ለዚህ ጽሑፍ የተሣሉ ሰዎች ናቸው። በማሳው ላይ የሆነው ግን በሜጫም በቡሬም በየክረምቱ የሚሆን ነው።

«እንደምን ሰነበቱ። በቆሎዬ አላማረኝም። የዘራሁት ሰኔ 1 ነው፤ ዘሩ ቢኤች 661። ስዘራ ግማሽ ኩንታል ኤንፒኤስ አድርጌያለሁ። ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ከላይ በተንሁበት። በነጋታው ዝናቡ ያዘና አምስት ቀን ጣለ። ሐምሌ 12 ስመለከተው መላው ማሳ ገርጥቷል፤ ከታች ያሉት ሁለት ቅጠሎችም ጫፋቸው ወይቧል። አረም የበላው መስሎኝ አረምሁት። በሳምንቱ ብጫው ከጫፍ ተነሥቶ በመካከለኛው አጥንት ወደ ውስጥ ገባ፤ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ከታች ያሉት ሦስቱ ደርቀው ተንጠልጥለዋል፤ ብጫው አምስተኛው ቅጠል ላይ ደርሷል። ላይኞቹ አልወየቡም፤ ግን ነጣ ብለዋል። ከቤቱ ጥግ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በጅረቱ በኩል ያለው የባሰበት ነው። የጎረቤቴ ልጅ በሽታ ነው፣ ወደ ሌላው ሳይሻገር ንቀሉት ይላል። ልንቀለው?»

በዚህ መልእክት ውስጥ ብዙ ገበሬ የማይጽፈው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ባለሙያው ስልክ ላይ የሚደርሰው «በቆሎዬ ቢጫ ሆነ፤ ምን ላድርግ?» የሚል አንድ መስመርና በጠዋት ፀሐይ የተነሣ ፎቶ ነው። ፎቶው የቀለሙን ዓይነት እንኳ በትክክል አያሳይም፤ የስልክ ካሜራ ደመና ሲሆን አረንጓዴውን ያጠቁረዋል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ያነጣዋል። ከዚያም በላይ ለበቆሎ ቅጠል መወየብ ምክንያቱ ብዙ ነው። የናይትሮጅን እጥረት፣ የድኝ እጥረት፣ የዚንክ እጥረት፣ የተኛ ውኃ፣ ቫይረስ፣ እርጅናም ጭምር ቅጠልን ያወይባሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ብጫው የታየበት ቅጠል፣ ከቅጠሉ የተነሣበት ቦታ፣ የሄደበት አቅጣጫና የወሰደበት ጊዜ ነው። አባወራው አራቱንም ጽፈዋል።

ባለሙያው ከሁሉ በፊት የያዘው «ከታች» የሚለውን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው የክሎሮፊል አካል ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ምግብ የሚሠሩት ፕሮቲኖችም ከእሱ የተሠሩ ናቸው። ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ዝም ብሎ አይቆምም። ያረጀውን ቅጠል ፕሮቲን አፍርሶ ናይትሮጅኑን በአገዳው በኩል ወደ ላይ ይልካል፤ አዲሱ ቅጠል በዚያ ይበቅላል፣ አሮጌው ይወይባል። ስለዚህ የናይትሮጅን እጥረት ምንጊዜም ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣል።

ብጫው በአንዱ ቅጠል ላይም የራሱ መንገድ አለው። የበቆሎ ቅጠል የሚያድገው ከሥሩ፣ ማለትም አገዳውን ከታቀፈበት በኩል ነው፤ ስለዚህ በማንኛውም የበቆሎ ቅጠል ላይ ያረጀው ክፍል ጫፉ ነው። ናይትሮጅን ሲወሰድ መጀመሪያ የሚራቆተው ጫፉ ይሆናል፤ ከዚያ መካከለኛውን አጥንት ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዳርና ዳሩ እስከ መጨረሻው ይቆያል። በዚህ ምክንያት ብጫው ጫፉ ላይ ሰፊ ሆኖ ወደ አገዳው ሲቃረብ እየሾለ የሚሄድ ጦር ይመስላል። አባወራው ይህን ትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ስለጻፉ ግን ባለሙያው ማሳው ላይ የቆመ ያህል አይቶታል።

ተመሳሳይ መስለው የሚያሳስቱትን ማወቅ ያስፈልጋል። ፖታሲየም ሲያጥርም የሚጎዳው የታችኛው ቅጠል ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ተገልብጦ ዳርና ዳሩ ተቃጥሎ መካከሉ አረንጓዴ ይቀራል። ድኝ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ እንደ ልብ ስለማይጓዝ፣ ሲያጥር የሚገረጣው ላይኛው ለጋ ቅጠል ነው። ዚንክም እንዲሁ በለጋው ቅጠል ላይ ይታያል፤ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ፣ በቅጠሉ ሥር በኩል፣ ነጣ ያለ ሰፊ መስመር ያወጣል። በአባወራው መልእክት ውስጥ «ላይኞቹ አልወየቡም» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር እነዚህን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አራቃቸው።

የጎረቤቱ ልጅ ፍርሃት ግን ባዶ አይደለም። የበቆሎ ገዳይ በሽታ የሚባለው የሁለት ቫይረሶች ጥምረት በ2011 እ.ኤ.አ. በኬንያ ታይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገብቷል። ፈውስ የለውም፤ የታመመውን ተክል ነቅሎ ከማሳ ማራቅ ከሚመከሩት እርምጃዎች አንዱ ነው። ሆኖም ያ በሽታ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከሙሽራው የሚወጣው ለጋ ቅጠል ላይ ከሥሩ ጀምሮ ብጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ይወጣበታል፣ ከዚያ ቅጠሉ ከዳር ወደ ውስጥ ይደርቃል፣ ሲብስ የተክሉ ልብ ይሞታል። የአባወራው በቆሎ ልቡ ጤነኛ ነው። ምክሩን ሰምተው ነቅለውት ቢሆን ኖሮ የተራበ እንጂ ያልታመመ ሰብል በገዛ እጃቸው ባጠፉ ነበር። አንድ ቃል ሳይመልስ በፊት ባለሙያው «አይንቀሉ» ብሎ የጻፈውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ሳምንቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይሆናል። መልእክቱ ሐምሌ 12 ቢላክ ኖሮ ባለሙያው በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር። በቆሎ አገዳው ሲወፍር ከሥር ያሉት ሁለት ሦስት ትንንሽ ቅጠሎች በጤናውም ይደርቃሉ። ፀሐይ በሌለበት ብርዳማ ሳምንትም መላው ማሳ ገርጥቶ ሲያባራ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ምልክት ከሁለቱም ጋር ይገጥማል። ሁለተኛው ሳምንት የጦሩን ቅርጽ አመጣ፤ ሦስተኛው ብጫው ማሻቀቡን እንዳላቆመና በቆሎው የሚያስፈልገውን እንዳላገኘ አረጋገጠ። ይህን ስል መጠበቅ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ጦሩ አንድ ቅጠል ላይ በግልጽ እንደታየ ቢጽፉ ኖሮ፣ ማስረጃው ይበቃ ነበር፣ ሰባት ቀንም ይተርፍ ነበር።

ባለሙያው ከዚያ ሌሊት ሁለት ነገር ጠየቀ። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ከማሳው መካከል አንድ፣ በጅረቱ በኩል ካለው አንድ ተክል ከነአፈሩ በመቆፈሪያ አውጥተው ሥሩን አጥበው ይዩልኝ። ደግሞ በጅረቱ በኩል ውኃው ስንት ቀን ተኛ?» መልሱ በማግስቱ ረፋድ መጣ። ከመካከል የወጣው ሥር ነጭና ብዙ ነው። በጅረቱ በኩል የወጣው አጭር፣ ቡናማ፣ ጫፉ የተበላ የሚመስል ነው፤ አፈሩም የረግረግ ሽታ አለው። ውኃው ያንን ዝናብ ተከትሎ አራት ቀን ተኝቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ አፈሩ ደርቆ አያውቅም።

ስለዚህ አንድ የሚመስለው ብጫ በሁለት ምክንያት የመጣ ነው። የመካከሉ በቆሎ ሥሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ምግብ ነው። በጅረቱ በኩል ያለው ግን መጀመሪያ የታፈነው ሥሩ ነው። የተኛ ውኃ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል፤ ሥር ያለ ኦክስጅን ናይትሮጅን መሳብ አይችልም፣ ናይትሮጅኑ አጠገቡ ቢኖርም እንኳ። ከዚያ የሚከተለው ይብሳል። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት አየር ሲያጡ ኦክስጅኑን ከናይትሬት ላይ ነጥቀው ይተነፍሱበታል፤ የሚተርፈው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ገበሬው በገንዘቡ የገዛው ማዳበሪያ ማንም ሳያየው ይተናል።

የመካከሉ ዩሪያስ የት ሄደ? ዩሪያ ሟሚ ነው፤ መሬት እንደነካ ከአፈር ጋር አይያያዝም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ሲለወጥ ነው አፈሩ የሚይዘው፤ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ሲቀየር ደግሞ እንደገና ከውኃ ጋር ይንሸራተታል። ሐምሌ 4 ከላይ የተበተነው ዩሪያ በነጋታው አምስት ቀን ሙሉ ዝናብ ወረደበት። ከፊሉ በጎርፍ ተጠርጎ፣ ከፊሉ ከሥሩ በታች ሰርጎ ሄደ። ዝናብ ባይመጣም ሌላ መንገድ ነበረው፦ ርጥበት ባለው መሬት ላይ ሳይሸፈን የቀረ ዩሪያ ከፊሉ አሞንያ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ሁለቱንም የሚከላከለው አንድ ተግባር ነው፤ ዩሪያውን ከተክሉ ጎን አድርጎ ወዲያው አፈር ማልበስ፣ ሽልሻሎ ከሚደረግበት ቀን ጋርም ማገጣጠም።

ቤቱ ጥግ ጥቁር አረንጓዴ የሆነው በቆሎ የመጨረሻው ማስረጃ ነበር። ዘሩ ያው፣ የተዘራበት ቀን ያው፣ ዝናቡ ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ለዓመታት የተደፋው የከብት ፍግና አመድ ነው። ፍግ ናይትሮጅኑን በአንድ ቀን አይለቅም፤ እየበሰበሰ ቀስ በቀስ ስለሚሰጥ አንድ ዝናብ ጠርጎ አይጨርሰውም። ከጎኑ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ያለው ገበሬ ከቤተ ሙከራ የማያንስ ነገር አለው፤ ባለሙያም ወደ ማሳ ሲገባ በመጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ነው።

መጠኑን እንመልከት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ኤንፒኤስ 19 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ግማሽ ኩንታሉ 9 ኪሎ ተኩል ይሰጣል። በድምሩ 32 ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን ወደ ማሳው ገብቷል። አባወራው ከሁለቱ ጥማድ፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር፣ 30 ኩንታል ይጠብቃሉ። በቆሎ አንድ ኩንታል እህል ለማፍራት አገዳውንና ቅጠሉን ጨምሮ ከሁለት ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከአፈር ይወስዳል፤ ለ30 ኩንታል 60 ኪሎ ያልፋል። የተሰጠው አንድም ሳይባክን ቢቀር እንኳ ከግማሹ ብዙም አይዘልም፤ የቀረውን አፈሩ ራሱ ማምጣት ነበረበት። ለዘመናት በታረሰና ገለባው ሁሉ ለከብት በሚሰበሰብበት መሬት ላይ ይህን ያህል ማግኘት ይከብዳል። ዝናቡ ጥፋቱን አባባሰው እንጂ ዕቅዱ ከመነሻው ጠባብ ነበር።

አሁን ምን ይደረግ? በቆሎው ከተዘራ 55 ቀኑ ነው። ቢኤች 661 ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ዝርያ ነው፤ በዚያ ከፍታ ወንዴ አበባው ገና ሳምንታት ይቀሩታል። በቆሎ ናይትሮጅኑን በብዛት የሚስበው ጉልበት ከደረሰ ጀምሮ የራሱን ጸጉር እስኪያወጣ ባለው ጊዜ ነው፤ የፍሬው ቁጥርም የሚወሰነው በዚሁ ዘመን ነው። ስለዚህ መስኩ አልተዘጋም፤ ነገር ግን እየጠበበ ነው። አበባው ከወጣ በኋላ የሚጨመር ዩሪያ ቅጠሉን ቢያለመልም እንኳ ሳይፈጠር የቀረውን ፍሬ አይመልስም።

ባለሙያው ማሳውን በሦስት ከፍሎ መከረ። ለቤቱ ጥግ ምንም አይጨመር። ለመካከሉ፣ አንድ ጥማድ ለሚሆነው፣ 25 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲሜትር ከተተወ በአንድ ጥማድ ላይ ወደ 11 ሺህ ተክል ይቆማል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ግራም ከጥቂት ነው። በሚዛን መስጠት ስለማይቻል አንድ የለስላሳ ቆርኪ ለሁለት ተክል በሚለው ልክ መስጠት ይቻላል። ከአገዳው ራቅ ብሎ፣ ጥልቀት በሌላት ጉድጓድ ወይም ፈር ውስጥ ተደርጎ አፈር ይለብሳል። ወደ ሙሽራው የገባ ዩሪያ ለጋውን ቅጠል ያቃጥላል፤ ቅጠሉ ጠል ሲይዝም መስጠት አይገባም፣ ፍሬው ተጣብቆ ስለሚቀር። የሰማዩን መልክ አይቶ ከባድ ዝናብ የማይጠበቅበትን ቀን መምረጥ ያስፈልጋል።

ለጅረቱ በኩል ያለው ክፍል ግን ዩሪያ ዛሬ ቢሰጥ መጣል ነው። መጀመሪያ ውኃው ይውጣ። ከማሳው የላይኛው ጠርዝ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ፣ በመስመሮቹ መካከል ደግሞ ወደ ጅረቱ የሚያወርድ ጥልቅ ፈር ይከፈት። ከዚያ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ውኃ የማያንጠባጥብ እስኪሆን መጠበቅ ነው። ከሳምንት በኋላ ከተቆፈሩት ተክሎች ላይ አዲስ ነጭ ሥር ከታየ ትንሽ ዩሪያ ይገባዋል። ነጭ ሥር ካልታየ ገንዘቡን ማዳን ይሻላል። አባወራው ይህን ሲሰሙ ቅር እንዳላቸው ልጃቸው ጽፋለች፤ የባሰበትን ትቶ የተሻለውን ማብላት ለገበሬ ከባድ ነው። ያም ሆኖ ከሦስቱ ውሳኔዎች ሁሉ ይህኛው ትክክል ይመስለኛል፤ መሳብ ለማይችል ሥር ምግብ ማፍሰስ ሰብሉንም ገንዘቡንም አይጠቅም።

የምርመራው እውነተኛ ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። ባለሙያው መካከለኛው ማሳ ላይ አምስት መስመር ሳይጨመርበት እንዲቀር ለምኗል፤ ለማነጻጸር። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ የሚታየው ላይኛው ቅጠል ነው። ዩሪያ ያገኘው መስመር ላይኛው ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ፣ ብጫውም ስድስተኛውን ቅጠል ሳይነካ ከቆመ፣ በሽታው ረሃብ መሆኑ ተረጋገጠ። የደረቁት ሦስቱና የወየቡት ሁለቱ አይመለሱም፤ አባወራው እነሱን እያዩ «አልሠራም» እንዳይሉ ባለሙያው ይህን ደጋግሞ ነግሯቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሁለቱ መስመሮች መካከል ልዩነት ካልታየ ግን ግምቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ያኔ የአፈር ናሙና ተወስዶ አሲዳማነቱ መለካት አለበት። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ በጣም አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን ያደነድነዋል፤ እንዲህ ያለውን መሬት የሚያስተካክለው ኖራ እንጂ ዩሪያ አይደለም።

በመጨረሻ ባለሙያው አንድ ሥራ ሰጥቷቸዋል። ከመካከሉ ማሳ አምስት ተክል መርጠው፣ ዛሬ ብጫው በደረሰበት አምስተኛው ቅጠል ላይ ክር እንዲያስሩ። ቅጠል በየሳምንቱ እየደረቀ ሲወድቅ «አምስተኛው» የቱ እንደነበረ ይጠፋል፤ ክሩ ግን ይቆያል። ነሐሴ 6 ቀን ሲጽፉ ብጫው ከክሩ በላይ መውጣቱን ወይም እዚያው መቆሙን ብቻ ቢያሳውቁ ይበቃዋል። ፎቶ ከላኩም ደመና ባለበት ሰዓት፣ ቅጠሉን ከነክሩ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው፣ አንዱን ዩሪያ ካገኘው አንዱን ካላገኘው መስመር ጎን ለጎን እንዲያነሡት ጠይቋቸዋል። ባለሙያ በቅርብ የሌለው ገበሬ በ8028 የስልክ መስመር ስለ በቆሎ ማዳበሪያ አሰጣጥ የተቀዳ ምክር ማግኘት ይችላል፤ ስለራሱ ማሳ ግን ሥሩን ቆፍሮ ያየ ሰው ያስፈልገዋል።

የጅረቱ ዳር ጉዳይ ለከርሞ አድሯል። ባለሙያው መሬቱ በየክረምቱ ውኃ የሚተኛበት ከሆነ በቆሎውን በተደለደለ መደብ ላይ እንዲዘሩ፣ ዩሪያውንም በሦስት ጊዜ ከፍለው ሩቡን ሲዘሩ፣ ግማሹን ጉልበት ሲደርስ፣ ሩቡን ወንዴ አበባው ከመውጣቱ በፊት እንዲሰጡ ጽፎላቸዋል። አባወራው ደግሞ ከቤቱ ጥግ ያለውን ፍግ ከመጋቢት ጀምሮ ወደ መካከሉ ማሳ ማጓጓዝ እንደሚጀምሩ መልሰዋል።